ጥር ላይ የለመለመ ማሳ፦ የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የጂኦግራፊ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው። ከሳተላይት የተነሳ የእርሻ ፎቶ በእጃችን አለ እንበል። ማሳው ላይ ምን እንደተዘራ፣ ውሃውን ከየት እንዳገኘ፣ መቼ ተዘርቶ መቼ እንደሚታጨድ ከፎቶው ማወቅ ይቻላል? ይቻላል፤ ግን አንድ ፎቶ አይበቃም። ይህ ዘገባ ተማሪዎቻችን እዚህ መልስ ላይ እንዴት እንደደረሱ ይተርካል።

የጀመርነው ከሩቅ አገር ነው። ቴራ የተባለችው ሳተላይት በ1993 ዓ.ም. ሰኔ ላይ (እ.ኤ.አ. ጁን 2001) ከአሜሪካ፣ ከደቡብ ምዕራብ ካንሳስ ያነሳችውን አንድ ታዋቂ ፎቶ አትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር በክብ በክብ ቅርጾች የተሞላ ነው። አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ወርቃማ፣ አንዳንዱ ቡናማ ነው። ትንንሾቹ ክቦች ከጫፍ እስከ ጫፍ 800 ሜትር፣ ትልልቆቹ 1,600 ሜትር ይሆናሉ።

ክብ የሆኑት በመስኖው ምክንያት ነው። መሃል ላይ ውሃው ከጉድጓድ ይወጣል። ከዚያ የሚነሳ ረጅም ቧንቧ ጎማ ባላቸው ማማዎች ተደግፎ እንደ ሰዓት ዘንግ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ እየዞረም ይረጫል። የደረሰበት ይለመልማል፣ ያልደረሰበት ጥግ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ውሃው የሚመጣው ኦጋላላ ከሚባለው ትልቅ የከርሰ ምድር ክምችት ነው። ስለዚህ እዚያ አገር ቅርጹን ያየ ሰው መስኖ መኖሩን ወዲያው ያውቃል።

ቀለሙ ደግሞ ስለ ሰብሉ ይናገራል። ሰኔ ላይ ካንሳስ ውስጥ በቆሎ ቅጠሉን ዘርግቶ ስለሚቆም ደማቅ አረንጓዴ ነው። ማሽላ እድገቱ ዘገም ስለሚል ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ስንዴው ለአጨዳ ደርሷልና ወርቃማ ነው። ቡናማው ታጭዶ የታረሰ ወይም ጦም ያደረ መሬት ነው።

ይህን አስረድቼ ስጨርስ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፎቶው ታኅሣሥ ላይ ቢነሳ ኖሮ ስንዴው ወርቃማ ይሆን ነበር?» አይሆንም። የካንሳስ ስንዴ የሚዘራው ከብርዱ በፊት ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ገና አጭር ቡቃያ ነው። በቆሎው ደግሞ ያኔ ጨርሶ የለም። እንግዲህ «ወርቃማው ስንዴ ነው» የሚለው ንባብ የሚሠራው ፎቶው ሰኔ ላይ መነሳቱን ካወቅን ብቻ ነው። ያቺ ጥያቄ የዓመቱን ሥራችንን ወሰነች። ከዚያ ቀን ወዲህ በክበባችን ቀኑ ያልተጻፈበት ፎቶ አይነበብም።

ቀጥለን ወደ ሰፈራችን መጣን። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ መራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ አለ። ግድቡ የቆጋን ወንዝ ይዞ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በክረምት በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ይበቅልበታል። በበጋ ደግሞ በግድቡ ውሃ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት ይለማበታል። ከክበቡ አባላት የአንዳንዶቹ ዘመዶች እዚያ ያርሳሉ፤ የመረጥነው በዋናነት ለዚህ ነው። ያነበብነውን የሚያረጋግጥልን ሰው ያስፈልገን ነበር።

ፎቶዎቹን ያገኘነው በነፃ ነው። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ በአንድ ቦታ ላይ ያልፋሉ፤ የሚያነሱትንም Copernicus Browser በሚባለው ድረ ገጽ ማንም ሊያየው ይችላል። ቦታውን ትፈልጋላችሁ፣ ቀኑን ትመርጣላችሁ፣ ምስሉ ይመጣል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም አቆጣጠር መዘገብ ግድ ነበር። ገበሬ «ታኅሣሥ መጀመሪያ ዘራሁ» ሲል ዲሴምበር መጀመሪያ ማለቱ አይደለም። የአንድ ሳምንት ስህተት ደግሞ ለቡቃያ ትልቅ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ የከፈትነው የጥርን ምስል ነው። False Color የሚለውን አማራጭ ስትመርጡ የለመለመ ነገር ሁሉ በቀይ ይወጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ መሥሪያ ይውጠዋል። ዓይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ የሚባለውን ብርሃን ግን በኃይል ይመልሰዋል። ሳተላይቱ ሁለቱንም ይለካል፤ ምስሉም ታህተ ቀዩን በቀይ ቀለም ያሳየናል።

ጥር ላይ ቆጋ ባለበት በሜጫ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ኮረብታውና የግጦሹ መሬት ግራጫና ቡናማ ነበር። ከግድቡ በታች ግን በደረቁ መሃል ቀይ ንጣፍ ተዘርግቷል። ተማሪዎቹን ያስገረማቸው ጠርዙ ነው። በአንድ በኩል ቀዩ በቢላ እንደተቆረጠ ጥርት ብሎ ያልቃል። ያ መስመር ዳገቱን ተከትሎ ይጠማዘዛል እንጂ የማሳ ድንበር አይከተልም። ዋናው ቦይ ነው። ውሃ ሽቅብ አይሄድም፤ ስለዚህ ከቦዩ በታች ያለው ይጠጣል፣ በላይ ያለው ይደርቃል። ካንሳስ ላይ መስኖን ያወቅነው በክቡ ነበር፤ ቆጋ ላይ የሚነግረን ይህ መስመር ነው።

ከቦዩ በላይ ግን ቀይ ነጥቦች ነበሩ። ከነዚህ አንዷ ክብ ነች። አንድ ተማሪ የካንሳሱን አስታውሶ «ይቺም የሚዞር ቧንቧ ያጠጣት ናት» አለ። ለካን። የካንሳሱ ትንሹ ክብ 50 ሄክታር ያህል ይሆናል፤ ይቺኛዋ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናት። መሃሏን ቀረብ ብለን ስናይ የሚያብረቀርቅ ጣሪያ አለ። የቤተ ክርስቲያን ደን ናት። ሌሎቹ ነጥቦች ደግሞ አብዛኞቹ የባህር ዛፍ ቦታዎች ሆነው ተገኙ፤ ሜጫን ለሚያውቅ ይህ አይገርምም።

ዛፍን ከመስኖ ሰብል እንዴት ትለያላችሁ? በጥር ምስል ብቻ ካያችሁ ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ ይቸግራል። የግንቦትን ምስል ስትከፍቱ ግን ባህር ዛፉና የቤተ ክርስቲያኑ ደን አሁንም ቀይ ናቸው። ስንዴው ግን ታጭዶ ሄዷል። ከሰብል የሚጠበቀው መለዋወጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልተለወጠ አረንጓዴ ቢያንስ እንደ ስንዴ ያለ ወቅታዊ ሰብል አይደለም።

ከዚህ በኋላ ለውጡን በቁጥር መያዝ አስፈለገ። የምንጠቀምበት ቀመር NDVI ይባላል። በሴንቲኔል 2 ታህተ ቀዩ B08፣ ቀዩ B04 በሚል ስም ነው የሚገኘው።

```
NDVI = (B08 - B04) / (B08 + B04)
```

አንድ የለመለመ ስንዴ ማሳ ከታህተ ቀዩ ብርሃን 0.40፣ ከቀዩ 0.04 መለሰ እንበል። ልዩነቱ 0.36፣ ድምሩ 0.44 ነው፤ ሲካፈል 0.82 ይመጣል። የታረሰ ባዶ መሬት ታህተ ቀይ 0.25፣ ቀይ 0.18 ቢመልስ ውጤቱ 0.16 ነው። ወደ 1 የተጠጋ ማሳ በቅጠል የተሸፈነ ነው፤ ከ0.2 በታች የወረደ አፈር ወይም ገለባ ነው። የግድቡ ውሃ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች ይወጣል። የ9ኛ ክፍሎቹ ይህን በካልኩሌተር እየሠሩ ሲያረጋግጡ ማየት ደስ ይል ነበር። ድረ ገጹ ራሱ ያሰላዋል፤ እኔ ግን በእጃቸው ሳይሠሩት እንዲያልፉ አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ የማሳው ስፋት ችግር ሆነብን። ሴንቲኔል 2 በነዚህ ቀለሞች ሲያነሳ አንዷ የምስል ነጥብ፣ ማለትም አንድ ፒክስል፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የሩብ ሄክታር ማሳ አራት ማዕዘን ቢሆን 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው፤ 25 ፒክስል ይይዛል። ዳር ዳሩ ያሉት ግን የጎረቤትን ማሳ፣ ድንበሩን ወይም ቦዩን ቀላቅለው ይለካሉ። እነሱን ስንጥል ዘጠኝ ብቻ ይቀሩናል። ማሳው ረጅምና ጠባብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስፋቱ 20 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ አንድም ንጹሕ ፒክስል ላይኖረው ይችላል። ካንሳስ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ስለዚህ ጥናታችንን ሰፋ ባሉና ጎረቤቶቻቸውም ተመሳሳይ ሰብል በዘሩባቸው ማሳዎች ላይ አደረግን። የጠበበውን ማሳ ገበሬ በዚህ መንገድ ማገልገል አልቻልንም፤ ይህን መናገር አለብኝ።

አንዱን ማሳ ከነዝርዝሩ ላሳያችሁ። የአንዲት አባላችን አጎት የሚያርሱት ነው። ተማሪዎቹ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያሉትን ጥርት ያሉ ምስሎች እየከፈቱ ከማሳው መሃል ያለውን NDVI መዘገቡ፤ ከዚያ በወረቀት ላይ ኩርባ ሠሩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ 0.2 አካባቢ ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀና አለ። ጥር አጋማሽ ላይ 0.6 ገደማ ደረሰ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ከ0.8 አለፈ፤ እዚያው ላይ ትንሽ ቆየ። መጋቢት ሲገባ መውረድ ጀመረ፣ በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ወደ 0.3 ወረደ። ከዚያ ባዶ።

ተማሪዎቹ አጎትየውን ከመጠየቃቸው በፊት ንባባቸውን ጻፉ። «የክረምቱ ሰብል ኅዳር ላይ ተነስቷል። ታኅሣሥ የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ተዘርቷል። የካቲት ላይ ዛላ አወጣ። መጋቢት ላይ ቢጫ ሆነ፣ መጨረሻው ላይ ታጨደ። አራት ወር ስለማይሞላ ስንዴ ነው።» ከዚያ ስልክ ተደወለ። አጎትየው ስንዴ መሆኑንም የዘሩበትን ሳምንትም አረጋገጡ። ክረምት ላይ የነበረው በቆሎ እንደሆነም ነገሩን። «ይኼን ሁሉ ሰማይ ላይ ሆኖ ያያል እንዴ?» ብለው መገረማቸውን አባላችን ስትነግረን ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ኩርባው ሰብል የሚለየው በሦስት ነገር ነው፤ መቼ እንደሚነሳ፣ የት ድረስ እንደሚወጣና እንዴት እንደሚወርድ። ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀጭን ስለሆነ በመደቦቹ መካከል ሁልጊዜ አፈር ይታያል። ስለዚህ ኩርባው እንደ ስንዴ ከፍ አይልም፤ መሃል ላይ ይቀራል። ድንች ግን ቶሎ ይሸፍናል፤ ቁጥሩ ከስንዴ ጋር ይፎካከራል። የሚለየው አወራረዱ ነው። ስንዴ ቀስ እያለ ይበስላል፤ የድንች ቅጠል ግን ሲደርቅ ወይም ሲታጨድ ቁጥሩ ባንዴ ይወርዳል። ስንዴና ገብስ ግን በዚህ ዘዴ አልተለዩልንም። ኩርባቸው እጅግ ይቀራረባል። እንዲህ ሲሆን ቦታው ላይ ሄዶ ማየት እንጂ መገመት ዋጋ የለውም።

የካቲት ላይ ሄድን። እያንዳንዱ ቡድን ያነበባቸውን ማሳዎች ዝርዝር ይዞ፣ በስልኩ ቦታውን እያረጋገጠ፣ ማሳው ዳር ቆሞ ሰብሉን መዘገበ። ስንዴው በብዛት ተሳክቷል። ሽንኩርት ካልነው ውስጥ የተወሰነው ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የካቲት ላይ መሃል ቁጥር ላይ ስለነበሩ ነው። በመጋቢት ምስል አንዱ ወጣ፣ ሌላው እዚያው ቀረ፤ ያን ጊዜ ተለዩ።

ዘግይቶ የተዘራው የት እንዳለ ስናይ ሌላ ነገር ገባን። አብዛኛው ከቦዩ መጨረሻ አካባቢ ነው። እዚያ ያገኘናቸው አንድ አባት ነገሩን አስረዱን። ውሃው በተራ ነው የሚታደለው፤ ተራውን የሚያስጠብቁ የውሃ አባት አሉ። «ላይኞቹ ዘርተው ሲያበቅሉ እኛ መሬታችንን እናለሰልሳለን» አሉን። ተማሪዎቹ ከኮምፒውተሩ ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። ከቦዩ ራስ ወደ ጫፉ ሲወረድ ኩርባው ቅርጹን ሳይለውጥ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። እንግዲህ ስለ መስኖ ከፎቶው የሚነበበው መኖር አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ ውሃው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደደረሰም ይነበባል። ስንት ሊትር እንደፈሰሰ ግን ከNDVI አይታወቅም።

በዓመቱ ካጋጠሙን ሁሉ ልቤ የቀረው ግን ፎገራ ላይ ነው። ቤተሰቡ ፎገራ የሆነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የራሱን ቀበሌ ምስል በታኅሣሥ ከፍቶ ሰፊ አረንጓዴ አገኘ። «ዝናብ የለም፣ ስለዚህ መስኖ ነው» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ከቆጋ ከተማርነው ጋር ይስማማል። ግን አረንጓዴው ጠርዝ የለውም፤ ሜዳውን በሙሉ ሞልቶታል። ቦይም ወንዝም አይከተልም። ወደ የካቲት ሲሄድ አብዛኛው ጠፋ። ከጉማራ ወንዝ ዳርና ዳር ያለው ቀጭን ቁራጭ ብቻ ለምለም ሆኖ ቀረ።

አባቱን ጠየቀ። ሜዳ ላይ ያለው ጓያ ነው። ሩዙ ሳይታጨድ በፊት እርጥቡ አፈር ላይ ይበተናል፣ ሩዙ ሲነሳ ይቀጥላል። ጥቁሩ አፈር ከክረምት ያስቀረው እርጥበት ስለሚያኖረው ማንም አያጠጣውም። ወንዙ ዳር ያለው ሽንኩርት ግን በሞተር ፓምፕ ነው የሚጠጣው። ሁለቱም ታኅሣሥ ላይ አረንጓዴ ናቸው። የለየልን የካቲት ነው፤ በዚያን ጊዜ አፈሩ የያዘው ውሃ አልቋል። ይህን ካየን በኋላ ደንባችንን አስተካከልን። ለኛ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታይ አረንጓዴ የመስኖ ማስረጃ አይደለም። የካቲት አጋማሽ ላይ የለመለመና በግንቦት የጠፋ ማሳ ግን ውሃ የጠጣ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብን ደመና ነው። ከዓመቱ መዝገባችን ውስጥ አንድ ማሳ ጥር ላይ ከ0.6 ወደ 0.3 ወርዶ በሚቀጥለው ምስል ወደ 0.7 ወጣ። አንድ ቡድን «በሽታ መትቶት አገገመ» ሊል ነበር። ሰብል በአምስት ቀን ሞቶ በአምስት ቀን አይነሳም። ምስሉን በተፈጥሮ ቀለሙ ሲከፍቱት ስስ ደመና ማሳው ላይ ተንሳፍፏል። የደመና ጥላም እንዲሁ ያሳስታል። ስለዚህ ለብቻዋ የወረደች ነጥብ ስታጋጥም መጀመሪያ ፎቶውን ማየት፣ ከዚያ ጎረቤት ማሳዎችን ማየት ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ከወረዱ ችግሩ ማሳው ላይ አይደለም።

ክረምት ላይ ግን ደመናው ነጥብ ማሳሳት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነገር ይሸፍናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለቆጋ ጥርት ያለ ምስል ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ያየነው የኩርባውን ሁለት ጫፍ ነው፤ ሰኔ ላይ የሚነሳውንና ከመስከረም በኋላ የሚወርደውን። መሃሉ የለም። የአገራችን ዋናው እርሻ ደግሞ የሚሠራው በዚያው መሃል ነው። በዚህ ምክንያት ስለ ጤፍ፣ ስለ በቆሎና ስለ ዳጉሳ ዘንድሮ የምናቀርበው ነገር ጥቂት ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብነው ራዳር ነው። ሴንቲኔል 1 የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚቀበል ደመና አያግደውም፤ ሌሊትም ይሠራል። ምስሎቹ እዚያው ድረ ገጽ ላይ አሉ። የምንጀምረው ከፎገራ ሩዝ ነው፤ ለጀማሪ ይቀላልና። ማሳው ውሃ ሲተኛበት ለስላሳው የውሃ ገጽ የራዳሩን ሞገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ምስሉ ላይ ጥቁር ይሆናል። ሩዙ ከውሃው በላይ ሲወጣ ግንዱ ሞገዱን መመለስ ይጀምራል፤ ማሳው በየሳምንቱ እየነጣ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ መቼ እንደጠቆረ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደነጣ ከመዘገብን የሩዙን አነሳስ እናገኛለን።

ክበቡ እንደ ወትሮው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በኮምፒውተር ክፍል ይሰበሰባል። ኮምፒውተር መቻል ግዴታ አይደለም። በፎገራ፣ በደምቢያ ወይም በሜጫ የሚያርስ ዘመድ ያላችሁ ግን በተለይ ኑ። ክረምቱን አገር ቤት የምታሳልፉ ከሆነ አንድ ሰፋ ያለ ማሳ ምረጡ፤ መቼ እንደታረሰ፣ መቼ እንደተዘራ፣ መቼ ውሃ እንደተኛበት፣ መቼ እንደታረመ ቀኑን በደብተር ጻፉና መስከረም ላይ ይዛችሁ ኑ።